የቤት ሥራ ክበብ አከፋፈት፦ ስድስት ልጆች፣ አንድ ሰዓት ተኩል

ልጆችን የሚወድና ትዕግሥት ያለው ሰው ስለ ማስጠናት ሲያስብ ቀድሞ የሚመጣለት ቤት ለቤት እየሄዱ አንድ ልጅ ማስጠናት ነው። ጥሩ ሥራ ነው። እኔ ግን እዚህ የምጽፈው ስለ ሌላኛው መንገድ ነው። ከትምህርት ቤት መልስ ጥቂት ልጆችን በአንድ ክፍል ሰብስቦ የቤት ሥራቸውን እንዲሠሩ መርዳት፣ ማለትም የቤት ሥራ ክበብ።

ለምን ክበብ? አስጠኚ አጠገቡ ተቀምጦ የሚያስጠናው ልጅ ብዙ ጊዜ በየመስመሩ ቀና እያለ ፊቱን ያያል። “ልክ ነኝ?” ይላል። ሌላ የሚያየው ሰው ስለሌለ አስጠኚው ይመልሳል። ከጥቂት ወራት በኋላ ልጁ አስጠኚው ከሌለ እስክሪብቶ አያነሳም። ክበብ ውስጥ ግን እናንተ ሌላ ልጅ ዘንድ ናችሁ። ልጁ ለተወሰኑ ደቂቃዎች ብቻውን ከጥያቄው ጋር መቆየት ግድ ይለዋል። ቤቱ ሲሄድ የሚጠቅመው ይሄ ነው።

በነገራችን ላይ ክበብ ብዙ ዓይነት መልክ ሊይዝ ይችላል። ንባብ ብቻ የሚሠራበት፣ ለፈተና ብቻ የሚዘጋጁበት፣ ትልልቆቹ ትንንሾቹን የሚያስነብቡበት አለ። ጀማሪ ከሆናችሁ ከቤት ሥራ ክበብ ብትነሱ ይሻላል። ልጆቹ ሥራውን ይዘው ይመጣሉ። እናንተ ትምህርት ማዘጋጀት ሳይሆን የት ጋ እንደሚያዙ ማየት ነው የሚጠበቅባችሁ።

ስንት ልጅ? ስንተኛ ክፍል?

የልጆቹን ቁጥር የሚወስነው የክፍሉ ስፋት ሳይሆን የእናንተ ደቂቃ ነው። የቤት ሥራ የሚሠሩበት ጊዜ 40 ደቂቃ ነው እንበል። ስድስት ልጅ ካላችሁ ለእያንዳንዱ ስድስት ደቂቃ ከምናምን ይደርሰዋል። አሥር ከሆኑ አራት ደቂቃ ብቻ። በስድስት ደቂቃ ልጁ አጠገብ ቁጭ ብሎ፣ የሠራውን አይቶ፣ አንድ ጥያቄ ጠይቆ፣ መልሱን ጠብቆ መነሳት ይቻላል። በአራት ደቂቃ ግን መጠበቅ ያቅታል። ሳይታወቃችሁ መልስ መናገር ትጀምራላችሁ። ስለዚህ ለአንድ አስጠኚ ስድስት ልጅ ጣሪያው ነው። የመጀመሪያውን ወር በሦስት ወይም በአራት ልጅ ጀምሩ።

የክፍል ደረጃቸው ቢበዛ ሦስት ተከታታይ ክፍል ይሁን። ለምሳሌ ከሦስተኛ እስከ አምስተኛ። የአንደኛ ክፍል ልጆችን አብሮ መቀላቀል አልመክርም። መመሪያውን ራሳቸው ማንበብ ስለማይችሉ ለእያንዳንዱ ጥያቄ እናንተን ይፈልጋሉ፤ ሌሎቹ ሳይታዩ ይቀራሉ። ለእነሱ አጠር ያለ፣ የራሳቸው ሰዓት ያለው ክበብ ይሻላቸዋል። ወደ ላይኛው ክፍል ያሉትን ደግሞ የምትቀበሉት ትምህርቱን በደንብ የምታውቁት ከሆነ ብቻ ነው። ትዕግሥት ብቻውን አልጀብራ አያስረዳም።

ቀኑ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት፣ ሁልጊዜ የማይቀያየር ቀን ይሁን። አምስቱንም ቀን አታድርጉት። ልጁ ብቻውን የሚሠራበት ቀን ከሌለ እርዳታችሁ ሥር መስደዱን በምን ታውቃላችሁ? በክበብ ቀን የተሠራውንና በሌላ ቀን ቤት የተሠራውን ደብተሩ ላይ ጎን ለጎን ስታዩ ብዙ ነገር ይገባችኋል።

በሩን ከመክፈታችሁ በፊት

ከሌላ ሰው ልጆች ጋር ስለምትውሉ መጀመሪያ የምትኖሩበትን አካባቢ ደንብ ጠይቁ። በአንዳንድ ቦታ ምዝገባ፣ በአንዳንድ ቦታ ደግሞ ከወንጀል ነፃ መሆንን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠየቃል። ማንም ባይጠይቃችሁ እንኳን የሚከተሉትን አድርጉ።

የምትሠሩበት ክፍል በሩ ክፍት ይሁን፣ ወይም ከውጭ የሚያይ ሰው ይኑር። ከአንድ ልጅ ጋር ብቻችሁን በተዘጋ ክፍል አትቀመጡ። ይህ ልጁንም እናንተንም ይጠብቃል። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ወረቀት ይኑራችሁ። ልጁን መውሰድ የሚፈቀድላቸው ሰዎች ስም፣ ሁለት የስልክ ቁጥር፣ የማይስማማው ምግብ ወይም መድኃኒት ይጻፍበት። ስሙ ወረቀቱ ላይ የሌለ ሰው “እኔ አጎቱ ነኝ፣ ልውሰደው” ቢል ልጁ ቢያውቀውም ለወላጅ ሳትደውሉ አትስጡ። ወላጆች አንዳንዴ ይህ ይከብዳቸዋል። ከመጀመሪያው ቀን ከተነገራቸው ግን ይወዱታል።

ዕቃው ብዙ አይደለም። የልጆቹ እግር መሬት የሚነካበት ወንበር፣ ሰፋ ያለ ጠረጴዛ፣ ተጨማሪ እርሳስ፣ ላጲስና መቅረጫ፣ መዝገበ ቃላት፣ ሁሉም የሚያየው የግድግዳ ሰዓት። ለሒሳብ ደግሞ በአሥር በአሥር በላስቲክ የሚታሰሩ ቀጫጭን እንጨቶች። ጥቅማቸውን ወደ በኋላ ታያላችሁ።

የመጀመሪያው ትውውቅ

አንድ ልጅ ሊመዘገብ ሲመጣ ወላጁ “ሒሳብ ይከብደዋል” ወይም “ሰነፍ ነው” ይላል። ሁለቱም አይረዷችሁም። ልጁን ከወላጁ ፊት ትንሽ ራቅ አድርጋችሁ፣ በዓይናቸው በሚታይ ቦታ ሃያ ደቂቃ ያህል አብራችሁት ተቀመጡ። ሦስት ነገር ብቻ እዩ።

አንደኛ ንባብ። ከራሱ የትምህርት መጽሐፍ ገና ያልደረሱበትን ገጽ ክፈቱና 100 ቃል ቆጥራችሁ ምልክት አድርጉ። ድምፁን አውጥቶ ያንብብ። እናንተ የተሳሳተውን ቃል ብቻ ቁጠሩ። ተሳስቶ ራሱ ተመልሶ ካረመው ስህተት አትበሉት። እስከ አምስት ቢስት መጽሐፉ ለእሱ ይመጥናል። ከስድስት እስከ አሥር ቢስት በሰው እርዳታ ይችለዋል። ከአሥር በላይ ከሳተ ግን ያ ገጽ ለብቻው ይከብደዋል። የኒውዚላንዷ የንባብ ተመራማሪ ማሪ ክሌይ ያስፋፋችው የንባብ ምዝገባ ዘዴም የሚጠቀመው ተመሳሳይ ልክ ነው። አንብቦ ሲጨርስ መጽሐፉን ዝጉና “ስለምን ነው የሚያወራው?” በሉት። አጥርቶ አንብቦ ምንም መናገር የማይችል ልጅ አለ። የሱ ችግር ፊደል ሳይሆን ትርጉም ነው።

ይህን መጀመሪያ ያደረግሁት በምክንያት ነው። “ሒሳብ ይከብደዋል” ተብሎ የሚመጣ ልጅ ጥያቄውን ማንበብ አቅቶት ሊሆን ይችላል። ቁጥሩን ብቻ ስትሰጡት ይሠራዋል።

ሁለተኛ ሒሳብ። እሱ ካለበት ክፍል ሁለት ክፍል ዝቅ ያለ አሥር ጥያቄ ስጡት። አዎ፣ ዝቅ ያለ። የአምስተኛ ክፍል ልጅ የሚያዝበት ነገር ብዙ ጊዜ ሦስተኛ ክፍል ላይ ሳይጨብጠው ያለፈው ነው። ወረቀቱን አስቀምጡት፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

ሦስተኛ ደብተሩ። የቤት ሥራውን ገጽ ከክፍል ሥራው ገጽ ጋር አስተያዩ። የቤት ሥራው ሁሉ ልክ፣ የክፍል ሥራው ሁሉ ስህተት ከሆነ ቤት ውስጥ አንድ ሰው እየሠራለት ነው። ይህን ለወላጅ በወቀሳ አትናገሩ። እናንተ ግን እወቁት።

የጊዜ ልክም አለ። በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የሚታወቅ “የአሥር ደቂቃ ደንብ” የሚባል መመሪያ አለ፤ የልጁን ክፍል በአሥር ማባዛት ነው። ለሦስተኛ ክፍል 30 ደቂቃ፣ ለአምስተኛ 50 ደቂቃ። እንደ ሕግ አትያዙት። ግን የሦስተኛ ክፍል ልጅ በየቀኑ አንድ ሰዓት ተኩል የሚፈጅበት ከሆነ ወይ የቤት ሥራው በዝቷል ወይ ልጁ አንድ ቦታ ላይ ተይዟል።

አንድ ሰዓት ተኩሉ እንዴት ይከፋፈል?

የመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች የመተንፈሻ ናቸው። ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ነው የመጡት። ውኃ ይጠጡ፣ መክሰሳቸውን ይብሉ፣ ይንቀሳቀሱ። ይህን ጊዜ ለመቆጠብ ብላችሁ ወዲያው ደብተር ብታስወጡ ከግማሽ ሰዓት በኋላ መቁነጥነጥ ይጀምራሉ፤ የቆጠባችሁት ደቂቃ በእጥፍ ይሄዳል።

ቀጥሎ 5 ደቂቃ የዝርዝር ጊዜ ነው። እያንዳንዱ ልጅ የዛሬ ሥራውን በትንሽ ወረቀት ይጻፍ። ጎኑ ላይ ብቻውን የሚችለውን በክብ፣ እርዳታ የሚፈልግበትን በኮከብ ምልክት ያድርግ። ይህች ትንሽ ነገር ብዙ ትሠራለች። ልጁ ሳይጀምር የሚያስቸግረውን እንዲለይ ታደርገዋለች። ለእናንተም ማን ዘንድ ቀድማችሁ መሄድ እንዳለባችሁ ትነግራችኋለች።

ከዚያ 40 ደቂቃ ሥራ። ሁሉም በክብ ምልክት ካደረገው ይጀምር፣ ማለትም ከቀላሉ። እናንተ ዙሩ። አንድ ልጅ ዘንድ ከሰባት ደቂቃ በላይ ከቆያችሁ ችግሩ የዛሬ አይደለም ማለት ነው። ጻፉትና ተነሱ።

5 ደቂቃ እረፍት። ከዚያ 20 ደቂቃ ክፍተት የመሙያ ጊዜ። ይህ የክበቡ ልብ ነው። የቤት ሥራ የለም። እያንዳንዱ ልጅ በትውውቁ ቀን የታየበትን ወይም ሲሠራ የያዘውን አንድ ነገር ብቻ ይለማመዳል። አንዱ የማባዛት ሰንጠረዥ፣ ሌላዋ ንባብ፣ ሌላው በመበደር መቀነስ። ተመሳሳይ ክፍተት ያላቸውን ሁለት ልጆች አንድ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል።

የመጨረሻው 5 ደቂቃ ዕቃ መሰብሰቢያ ነው። ልጁ ዝርዝሩ ላይ የጨረሰውን ይሰርዝ። ያልጨረሰውን ይተወው። ዝርዝሩ ወደ ቤት ይሄዳል።

እርሳሱን አትንኩ

እርዳታ የሚበላሸው በትንሽ ነገር ነው። ልጁ ዝም ሲል እናንተ ትሞላላችሁ። ሜሪ ባድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የመምህራንን ድምፅ በመቅረፅ ያገኘችው ነገር አለ። መምህራን ጥያቄ ጠይቀው በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ነበር የሚጠብቁት። ወደ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲያረዝሙት የልጆቹ መልስ ረዘመ፣ መልስ አጥተው ዝም የሚሉትም ቀነሱ። ሦስት ሰከንድ አጭር ይመስላል። ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲጠበቅ ግን በጣም ረጅም ነው። በሆዳችሁ እስከ አምስት ቁጠሩ።

አንድ ልጅ “ቲቸር፣ አልገባኝም” ሲል እኔ ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል ነው የምሄደው። መጀመሪያ “ጥያቄውን አንብብልኝ” እላለሁ። ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚህ ላይ ያልቃል፤ ሳያነብ ነው የጠራኝ። ካልሆነ “የትኛው ድረስ ገባህ?” እላለሁ። ካልሆነ “ይሄን የሚመስል በክፍል የሠራችሁት የቱ ነው?” ብዬ ደብተሩን እንዲገልጥ አደርጋለሁ። ይህም ካልሠራ በሌላ ወረቀት ላይ፣ በሌላ ቁጥር፣ ተመሳሳይ ጥያቄ ራሴ እየተናገርኩ እሠራለሁ። ወረቀቱን ገልብጬ ወደ ራሱ ጥያቄ እመልሰዋለሁ። የእሱን ጥያቄ እኔ አልሠራም። እርሳሱንም ከእጁ አልወስድም። እርሳሱ እናንተ እጅ ውስጥ ከገባ ሥራው የእናንተ ሆነ።

አንድ ልጅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት የአራተኛ ክፍል ልጅ ናት። የቤት ሥራዋ እንዲህ ይላል፦ አንድ ቤተ መጻሕፍት 403 መጻሕፍት ነበሩት። 168 ተዋሱ። ስንት ቀሩ? እሷ 365 ብላ ጽፋለች። ትክክለኛው 235 ነው።

የቸኮለ አስጠኚ “ተሳስተሻል፣ እንደገና ሥሪው” ይላል። እንደገና ትሠራዋለች፤ እንደገና 365 ይመጣል። ከዚያ “ትኩረት የላትም” ይባላል።

እናንተ ግን ጠይቁ፦ “ጥያቄውን አንብቢልኝ።” አጥርታ ታነባለች። መቀነስ እንዳለባትም ታውቃለች። ስለዚህ ንባብ አይደለም። “እንዴት እንዳገኘሽው ንገሪኝ” በሏት። እንዲህ ትላለች፦ “ከ8 ላይ 3 ሲቀነስ 5። ከ6 ላይ 0 ሲቀነስ 6። ከ4 ላይ 1 ሲቀነስ 3።”

አያችሁ? ትኩረት አልጎደላትም። በየቤቱ፣ ማለትም በአንድ ቤት፣ በአሥር ቤትና በመቶ ቤት፣ ከትልቁ ቁጥር ላይ ትንሹን ትቀንሳለች፤ የትኛው ከላይ እንደሆነ አታይም። ይህ የራሷ ሕግ ነው፣ በታማኝነትም ትከተለዋለች። ጆን ሲሊ ብራውን እና ሪቻርድ በርተን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ሥራ የልጆች የመቀነስ ስህተት ብዙ ጊዜ እንዲህ ቋሚ ሕግ ያለው መሆኑን አሳይተዋል። የተሳሳተ ሕግ ደግሞ በድግግሞሽ አይጠፋም። እንዲያውም ይጠነክራል።

አሁን ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ሦስት ጥያቄ ስጧት፦ 86 − 42፣ 73 − 48 እና 60 − 27። ግምታችሁ ልክ ከሆነ የመጀመሪያውን በትክክል 44 ትላለች፤ እዚያ መበደር የለም። ሁለተኛውን 35፣ ሦስተኛውን 47 ትላለች። ልክ እንደዚያ ከመለሰች አወቃችሁ። መልሶቹ ዝም ብለው የተዘበራረቁ ከሆኑ ግን ችግሩ ሌላ ነው፤ ምናልባት መሠረታዊ የመቀነስ ቁጥሮችን ገና በቃሏ አልያዘችም።

ይህን ሁሉ ያደረጋችሁት በሥራው ሰዓት ውስጥ፣ በአምስት ስድስት ደቂቃ ነው። ማስተካከሉን ለ20 ደቂቃው ተዉት።

የመጀመሪያው ቀን እንጨቶቹን አውጡ። 73 ማለት ሰባት እስርና ሦስት ነጠላ እንጨት ነው። ጠረጴዛው ላይ ትደርድረው። “ስምንት ነጠላ ስጪኝ” በሏት። ያላት ሦስት ነው። ዝም በሉ። ልጅቷ ትንሽ ታያለች፣ እናንተን ታያለች፣ ከዚያ አብዛኛውን ጊዜ አንዱን እስር ራሷ ትፈታለች። አሁን ስድስት እስርና 13 ነጠላ አላት። ስምንቱን ትሰጣችኋለች፣ አምስት ይቀራታል። ከዚያ አራት እስር ትሰጣችኋለች፣ ሁለት ይቀራታል። 25። ከዚህ በኋላ ብቻ ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ 7 ተሰርዞ 6፣ 3 ደግሞ 13። አራት ጥያቄ በእንጨት ይበቃል። “መበደር” የሚለውን ቃል የምትሰማው እስሩን ከፈታች በኋላ ይሁን።

ሁለተኛው ቀን እንጨቱ ይቀርና ሥዕል ይምጣ፤ ለአሥር ረጅም መስመር፣ ለአንድ ነጥብ። አሁንም ሁለት አኃዝ ያለው ቁጥር ብቻ። እሷ በራሷ ጊዜ “ሥዕሉ አያስፈልገኝም” ካለች ተዉላት።

ሦስተኛው ቀን ወደ 403 ትመለሳላችሁ። እዚህ ዜሮው አለ፣ አስቸጋሪው እሱ ነው። አንድ ቤት ውስጥ 3 ብቻ ነው ያለው። አሥር ቤት ሄዳ ስትበደር ባዶ ነው። ስለዚህ መቶ ቤት ትሄዳለች። ከአራቱ መቶ አንዱ ሲፈታ አሥር እስር ይሆናል። ከአሥሩ እስር አንዱ ደግሞ ይፈታል። የቀረው ሦስት መቶ፣ ዘጠኝ እስርና 13 ነጠላ ነው። ከ13 ላይ 8 ሲቀነስ 5። ከ9 ላይ 6 ሲቀነስ 3። ከ3 ላይ 1 ሲቀነስ 2። 235 መጣ። አንዴ በእንጨት ካየችው ዘጠኙ ከየት እንደመጣ አትጠይቅም። ብዙ ልጆች ግን “ዜሮው 9 ይሆናል” የሚለውን ሽምደዳ ብቻ ይዘው ዜሮ በሌለበትም ይጠቀሙበታል።

በዚያው ቀን መልሷን ራሷ የምታጣራበትን መንገድ አስተምሯት፤ 235 ላይ 168 ስትደምር 403 መምጣት አለበት። ይህ ወሳኝ ነው። ልጆች ሲደክማቸው ወደ አሮጌው ሕግ ይመለሳሉ። መደመሩ ግን እናንተ በሌላችሁበት ይይዛታል።

ከሳምንት በኋላ ምንም ሳታስታውሷት ሦስት የመበደር ጥያቄ ጣል አድርጉላት። ሦስቱንም ከሠራች ጨረሳችሁ። ከሳተች ወደ እንጨቱ ተመለሱ፤ ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው ያጠረ ነው።

የመጀመሪያው ቀን የቤት ሥራስ? መበደር የሌለባቸውን ትሠራለች። የቀሩት ክፍት ይቀራሉ። ዝርዝሩ ላይ ለመምህሯ አንድ መስመር ጻፉ፦ “በመበደር መቀነስ ላይ እየሠራን ነው፤ 4ኛ፣ 6ኛና 7ኛ ጥያቄ ላይ ገና አልደረሰችም።” መምህር ሁሉ ልክ ከሆነ ገጽ የበለጠ በዚህች መስመር ይጠቀማል። ልጅቷ ምን እንደጎደላት ያውቃልና።

የሚበላሹ ነገሮች

ወላጅ ያልተጨረሰ የቤት ሥራ ሲያይ ይደነግጣል። “ለምን እከፍላለሁ ታዲያ?” ሊልም ይችላል፣ እውነቱን ነው። ይህን ከምዝገባው ቀን ጀምራችሁ ንገሩ፦ አንዳንድ ቀን ሳያልቅ ይሄዳል፣ ምክንያቱም እየሠራን ያለነው ከሥሩ ነው። የመጀመሪያውን ቀን የአሥር ጥያቄ ወረቀት ያስቀመጣችሁት ለዚህ ነው። ከስድስት ሳምንት በኋላ ተመሳሳይ አሥር ጥያቄ በሌላ ቁጥር ስጡና ሁለቱን ወረቀቶች ለወላጅ ጎን ለጎን አሳዩ። ከማንኛውም ማብራሪያ ይበልጣል።

“ዛሬ የቤት ሥራ የለንም” የሚል ልጅ ይኖራል። አትከራከሩት። የቤት ሥራ የሌለው ልጅ 40 ደቂቃውን በንባብና በክፍተት ሥራ ያሳልፋል፣ በቃ። የሌለው መሆኑ ነፃ ጊዜ እንደማያመጣ ሲያይ የቤት ሥራው ይገኛል።

በየደቂቃው የሚጠራችሁ ልጅ ደግሞ አለ። ለእሱ ሦስት ትንንሽ ካርድ ስጡት። እያንዳንዱ ጥሪ አንድ ካርድ ያስከፍላል። ሦስቱ ካለቁ እስከ እረፍት ይጠብቃል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ካርድ ተርፎት መሄድ ይጀምራል። ሁለት ሳምንት አልፎም በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች የሚጨርሰው ከሆነ ግን ሥራው በእውነት ከአቅሙ በላይ ነው። ያኔ ካርዱን ተዉትና ወደ ንባብ መመዘኛው ተመለሱ።

ኩረጃም ይመጣል፤ በተለይ የአንድ ክፍል ልጆች ጎን ለጎን ሲቀመጡ። መለያው ቀላል ነው። ሁለት ልጆች ተመሳሳይ ስህተት በተመሳሳይ ጥያቄ ላይ ካላቸው “አንተ ይሄን አስረዳኝ” በሉ። የገለበጠው ማስረዳት አይችልም። ቅጣት አያስፈልግም፣ ወንበር መቀያየር ይበቃል። የክፍላቸው ደረጃ የተለያየ ልጆችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ከመጀመሪያው ይከላከለዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ከእናንተ ችሎታ በላይ ነው። አንድ ልጅ ለወራት በትጋት ሠርቶ ፊደል መለየት ካልቻለ፣ ሰሌዳ ለማየት ዓይኑን የሚያጠብ ከሆነ፣ ሲጠሩት ደጋግሞ የማይሰማ ከሆነ፣ ያያችሁትን ብቻ ለወላጅ ተናገሩ። “ሰሌዳ ሲያይ ዓይኑን ያጠባል፣ ቢመረመር ጥሩ ነው” በቂ ነው። የበሽታ ስም አትስጡ።

ክፍያ

አንድ ሰዓት ተኩል የምትሠሩ ይመስላል። ከመክፈታችሁ በፊት ማዘጋጀት፣ ከዘጋችሁ በኋላ መጻፍና ማጽዳት ሲጨመር ግን ወደ ሁለት ሰዓት ተኩል ይጠጋል። የአንድ ሰዓት ዋጋችሁን ወስኑና በ2.5 አባዙት። ለአንድ ቀን የሚደርሰውን የቤት ኪራይና የወረቀት ወጪ ጨምሩበት። ከዚያ የሚመጣውን ለስድስት ሳይሆን ለአራት ልጅ አካፍሉት። በስድስት ካካፈላችሁት ሁለት ልጅ ሲቀር በኪሳራ ትሠራላችሁ። በአራት ሲሆን ግን አምስተኛውና ስድስተኛው ልጅ ትርፍ ናቸው። ወይም አንዱን ቦታ መክፈል ለማይችል ልጅ መስጠት ትችላላችሁ፤ እኔ ይሄን እመርጣለሁ።

ክፍያው በወር፣ ቀድሞ ይሁን። ልጁ ሲቀር ገንዘብ አይመለስም፣ እናንተ ስትቀሩ ግን ቀኑ ይካካሳል። ይህን በጽሑፍ ስጡ።

ልጁ መቼ ይውጣ?

ብዙ አስጠኚዎች ይህን አያነሱም፤ ልጁ እስከቻለ ይቀጥላል። ለእኔ ልኩ ይሄ ነው፦ ሦስት ሳምንት በተከታታይ የመጀመሪያውን ሃያ ደቂቃ ሳይጠራችሁ ከሠራ፣ በክበብ ቀንና በሌላ ቀን የተሠራው የቤት ሥራም አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ለወላጁ ንገሩ። በሳምንት ሦስት ቀን ይመጣ ከነበረ ወደ አንድ ቀን ይውረድ። ከወር በኋላ እነዚያን አሥር ጥያቄዎች ለሦስተኛ ጊዜ ስጡት። ከያዛቸው ቦታውን ከውጭ ለሚጠብቀው ልጅ ልቀቁ። ከሳተ ወደ ሁለት ቀን መልሱትና የሳተውን ጥያቄ ብቻ ሥሩ።